የማይመለከተውን ይሰርዙ

ወረታ አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ እንደኔ የሚኮፈስ ሰው አልነበረም። ከተማዋ ያኔ መንገድ ይዘው የተደረደሩ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ትምህርት ቤትና ክረምት ሲገባ እግር የሚውጥ ጭቃ ነበረች። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ነገር የደረሰው ሁሉ ወደኔ ነው የሚመጣው። የመድኃኒት ብልቃጥም ቢሆን፣ የወፍጮ ሞተር መመሪያም ቢሆን አነባለሁ። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ሳል እያስመሰልኩ ጊዜ እገዛለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንዴም ከራሴ ፈጥሬ ተናግሬያለሁ። በዚያች ሴት ወረቀት ላይ ግን ምንም አልፈጠርኩም፤ መፍጠርም አልቻልኩም።

መስቀል አልፎ ውሃው ከፎገራ ሜዳ ገና ሳይጎድል ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከሜዳው ተነሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ይደርሳል፤ ከአጥሩ ወዲያ ከብት ሲያገሳ ይሰማል፣ ከብቱ አይታይም። በዚያ ጉም ውስጥ ሁለት ሰዎች ወደ ክፍሌ መጡ። አንዱ በየዓመቱ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎችን አሰባስበው የሚመሩ ቄስ ናቸው። ሁለተኛዋ ከቁሐር ሚካኤል በኩል የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ባልቴት ናት። በዓይን አውቃታለሁ። ባሏ በጠላት ጊዜ፣ በክረምት፣ ርብን ሲሻገር ውሃ ወሰደው ይባላል። የተገኘው ጋቢውና ዱላው ብቻ ነው። ሬሳ ስለሌለ ጋቢውን አጋድመው አለቀሱለት፤ ፍትሐትም ተፈታለት፣ ተዝካርም ወጣለት። እሷም ሌላ ባል ሳታገባ ሃያ አምስት ዓመት ኖረች። ለነፍሱ ጎልጎታ ላይ ጸሎት ላስደርግ ብላ ተስላለች፤ ስለቷ ይህ ብቻ ነው።

ቄሱ ከመጽሐፍ መሐል አንድ ጥቁር ወረቀት መዘው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ሴትዮዋ ወዲያው ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«እሱን ወረቀት አላይም» አለች። «የሙት ወረቀት ነው።»

እኔ ሳቅሁባት። ነገሩ የቪዛ ፎርም ፎቶግራፍ ነው። በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ የሚያባዙበት መኪና ያወጣው ስለሆነ ተገልብጧል፤ ነጩ ጠቁሮ ጥቁሩ ነጥቷል። ፊደሎቹ ከጨለማ ውስጥ ብቅ ያሉ ይመስላሉ። በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ በሌላው በኩል ዐረብኛ ነው፤ ያኔ ገዳማችን ያለበት የኢየሩሳሌም ወገን በዐረቦቹ እጅ ነበር።

ቄሱ አካሄዱን አስረዱኝ። ለእያንዳንዱ ተሳላሚ ገዳሙ አንድ መነኩሴ ዋስ ይሰጣል። መነኩሴው የዋሱን ክፍል እዚያው ኢየሩሳሌም ቪዛ መሥሪያ ቤት ሞልቶ ይፈርማል፤ ዋናው ፎርም ፈቃዱ እስኪያልቅ ከዚያ አይወጣም። እኛ ምን እንደምንጠየቅ አውቀን እንድንዘጋጅ ፎቶውን ይልክልናል። የኛን መልስ ደግሞ ቄሱ አዲስ አበባ ይዘው ሄደው ቆንስላው ዘንድ በባዶ ፎርም ላይ ያስተይባሉ። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይታያሉ።

«አንዱ ካንዱ ካልገጠመ?» አልኩ።

«ይመለሳል። አምና አንዲት ሴት በእንዲህ ያለ ነገር ቀርታለች፤ ሁለተኛ ብታመለክትም ‘ከዚህ በፊት ተከልክለው ያውቃሉ’ የምትል ጥያቄ አለችበት፣ እሷው ያዘቻት። የሌሎቹን ሁለት ተጓዦች በአውራጃ ከተማ አስነብቤ ጨርሻለሁ፣ የሁለቱም ዋሶች ‘ዝምድና የለም’ ነው ያሉት፤ የሷ ፖስታ ዘግይቶ ነው። እኔ ሐሙስ እነሣለሁ። ደብዳቤ ጽፈን እንዳንጠይቅ፣ ደርሶ እስኪመለስ ፋሲካ ያልፋል።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ቄሱ ሌላ ጉዳይ አለብኝ ብለው ሁለታችንን ትተው ሄዱ።

በል እንግዲህ ብዬ ተቀመጥኩ። መስመር ያለው ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ፤ በግራ የጥያቄውን ስም በአማርኛ፣ በቀኝ መልሱን። ያነበብኩት በአጉሊ መነጽር ነው። ስሟን የሚጠይቁት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱ የቤተሰብ ስም ይላል፣ አንዱ የራስ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስለዚህ የአባቷን ስም እዚያ፣ የሷን እዚህ አደረግሁ፣ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ፊደል ሳላጎድል። ቀጥሎ ‘ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም’ ይላል።

«ሲያገቡ ስምዎ ተቀየረ ወይ እትዬ?»

«ባል ያገባሁ እንጂ ሌላ ሰው ሆንኩ እንዴ!» አለች።

ሰረዝ አደረግሁበት። የትውልድ ቀን ቀን፣ ወር፣ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ይፈልጋል። እሷ የተወለደችው በመንደሯ የከብት በሽታ በገባ ማግሥት ነው፤ ይሄ ለፈረንጅ አይሆንም። ፓስፖርቱ ላይ ጸሐፊው የገመተላትን ቀን ገለበጥሁ፤ ከዚያ ብንወጣ አይገጥምም። የትውልድ ቦታ ወረዳውንና አገሩን እንጂ የቀበሌውን ታሪክ አይፈልግም። ዜግነት ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሲወለዱና አሁን።

«መሐል ላይ የሚጠፋ ነገር ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አንዳንድ ሰው ይለውጣል።»

«ሰው አገሩንም ይለውጣል?» አለች።

የፓስፖርት ቁጥር፣ የተሰጠበት ቦታና ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፤ ይሄ መገልበጥ ብቻ ነው። ሥራ የሚለው ላይ አራሽ አልኩ። የጉዞው ምክንያት ላይ የውሃውን፣ የጋቢውን፣ የስለቱን ነገር ሁሉ እንድጽፍላት ፈለገች፤ ሳጥኑ ግን ከአንድ ቃል በላይ አይበቃም። ‘ለመሳለም’ ብዬ ዘጋሁት። ተቀየመችኝ።

«የመጣሁበትን ነገር በአንድ ቃል?»

«እነሱ የሚፈልጉት ንግድ ነው ወይስ ሥራ ነው ወይስ ጸሎት የሚለውን ነው። ሐዘንዎን አልጠየቁም።»

እንዲህ ነበር አፌ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ የጋብቻ ሁኔታ መጣ። አራት ቃላት ተደርድረዋል፦ ያላገባ፣ ያገባ፣ የሞተበት፣ የፈታ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ‘የማይመለከተውን ይሰርዙ’ ይላል። አራቱንም ጻፍኩና ሦስቱን ሰርዤ የሞተበት የሚለውን ተውኩ። የሚቀጥለው ሳጥን የባልን ሙሉ ስም ይጠይቃል፤ በሕይወት ካለ አድራሻውን፣ ከሞተ የሞተበትን ቀንና ቦታ። ስሙን ነገረችኝ። ቀኑን አታውቀውም፤ ተዝካሩን ቆጥራ ወሩን ሰጠችኝ። ቦታው ርብ ወንዝ ነው። ወሩን ወደ ፈረንጅ አዞርኩት፤ ክረምት ስለሆነ ስምንት ዓመት ነው የሚጨመረው። ሞቱን እንዲህ አስተካክዬ በሳጥን ውስጥ ሳስቀምጠው ደስ አለኝ። ወይ ጉድ፣ ደስ አለኝ!

የመጨረሻው የዋሱ ክፍል ነው። ይሄ በነጭ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። የዋሱ ስም፤ አንብቤላት አላወቀችውም፣ የምንኩስና ስም ነው። አድራሻው ገዳሙ ነው። ‘ከአመልካቹ ጋር ያለው ዝምድና’ የሚለው ላይ ስደርስ ግን መልሱ የለም። ወረቀቱ እንዳይጠቀለል ያዡ አውራ ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ ኖሯል። ጣቱ አብሮ ተነሥቶ፣ ተገልብጦ፣ አጥንት መስሎ ነጥቶ ሳጥኑን ደፍኖታል። አጉሊውን አቀረብኩ፣ አራቅሁ፣ ወደ መስኮቱ ወሰድኩ። አይነበብም።

«አፈር በበላው ይሄን ጣት!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምን ሆንክ?»

«ዋሱ ምንዎ እንደሆነ የጻፈበትን ጣት ሸፍኖታል። ግድ የለም፣ የሌሎቹ ሁለቱ ተጓዦች ዋሶች ‘ዝምድና የለም’ ነው ያሉት፤ እሱም እንደዚያው ብሏል።»

ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ እስከዚያ ሰዓት ፊቷን ያዞረችው ሴት ተነሥታ መጣች። አጉሊውን ሰጠኋት። አያያዙን ስለማታውቅ እጇን ይዤ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ እጇ በእጄ ውስጥ መቀዝቀዝ ጀመረ፤ በእግዜር ስም እላለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ።

«ይሄን ጣት ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች።

«የትኛውን?»

«በተጋባን ዓመት ጤፍ ሲያጭድ ማጭዱ አውራ ጣቱን ከጥፍሩ ሰነጠቀው። ጨርቅ አቃጥዬ አመዱን ነስንሼ እኔ ነኝ ያሰርኩት። ጥፍሩ ለሁለት ተከፍሎ በቀለ፤ የውጭው ወገን አጠረ። እስኪ እይ።»

አየሁ። ጥፍሩ መሐሉ ላይ መስመር አለው፤ የውጭው ወገን አጭር ነው። ቀድሞ በአጉሊ ስመለከት አላስተዋልኩትም ነበር፤ እሷ ግን ለየችው። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ደርሶ ነበርና ክፍሉ ሁሉ የፎቶውን መልክ የያዘ መሰለኝ።

«ጥፍሩ የተሰነጠቀ ሰው ስንት አለ እትዬ» አልኩ።

«አውቃለሁ ያልኩህን አውቃለሁ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥላም በቀስታ፣ «መንኩሶ ኖሯል» አለች። «ጋቢውን ወንዝ ዳር ጥሎ፣ መንኩሶ ኖሯል። እኔ ለጋቢ ሳለቅስ።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ውሃ አመጣሁ፤ አልጠጣችም። ስታገግም የመጀመሪያ ጥያቄዋ ያላሰብኩት ነበር።

«ስሜን ያውቃል?»

«ቄሱ ስምዎን ከነአባትዎ፣ ከነአገርዎ ነው የላኩት። ፎርሙ ራስ ላይም የርስዎ ስም አለ፤ በሱው እጅ የተጻፈ ነው።»

«እንግዲያ አውቆ ነው ዋስ የሆነኝ።»

«አውቆ ነው።»

«ጣቱስ?»

ወረቀት ሲጠቀለል ሰው በደረሰበት ይይዛል። ደግሞም ከዚያ ሁሉ ሳጥን ያችን ብቻ መርጦ መሸፈኑ ለማመን ያስቸግራል። እስከዛሬም አልቆረጥኩም።

ከዚያ ነው ትልቁ ጣጣ የገባኝ። ቄሱ የሚወስዱት መልስ ከጣቱ ሥር ካለው ቃል ጋር መግጠም አለበት። ሰውየው ‘ዝምድና የለም’ ብሎ ከሆነ፣ እኔ እንደጻፍኩት ‘የሞተበት’ ማለት ያዛልቃል። ‘ሚስት’ ብሎ ከሆነ ደግሞ እሷ ባሌ ሞቷል ብላ ልትቀርብ ነው፤ ሐሰተኛ ትባላለች፣ ኢየሩሳሌምንም አታይም። ‘ያገባ’ ብላ እሱ ‘ዝምድና የለም’ ብሎ ከሆነም ያው ነው። ፓስፖርቱን ገልብጬ አየሁ፤ ስለ ባል የሚለው የለም። ይህንን ሁሉ አስረዳኋት።

«እንግዲህ ምን እንደጻፈ እኔ ላውቅ ነው» አለች።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ለቄሱ ትነግርና አይንህን አላይም።»

«አልነግርም።»

ፎቶውን ወደ ራሷ ስባ ታየው ጀመር። እኔ በመሐል ዝም ማለት አልችልምና ብልጠት አመጣሁ። «መነኩሴ እኮ ለዓለም የሞተ ነው እትዬ። ሲመነኩስ ፍትሐት ይፈታለታል። ‘የሞተበት’ ቢሉ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሐሰት አይደለም» አልኳት።

«ለቤተ ክርስቲያን ሞቶ ይሆናል» አለች። «ለኔ ማን ነገረኝ? ማን ፈቀደለት? ዝም በል እስኪ አንተ ልጅ፣ ሰውየውን ላስታውሰው።»

እውነትም ልታስታውሰው ትታገል ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሃያ አምስት ዓመት እንደ ሙት ስታስበው ኖራ አሁን እንደ ሕያው ልታስበው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ ቁጭ ብዬ ማየቴ አስፈራኝ። ከበሩ ውጪ ሰው የቆመ መሰለኝና ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ፤ ጉም ብቻ ነው።

«ጠብ ይፈራ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጠብ ይፈራል እንጂ መዋሸት አይችልበትም። ገበያ ላይ እንኳ በሬው ይዋጋል ወይ ሲሉት ይዋጋል ብሎ ሳይሸጥ ይመለሳል። ሳይነግረኝ የሄደውም ለዚያ ነው። ቢነግረኝ ልጣላው ነው፣ የት ልትሄድ ነው ብዬ ብጠይቀው ሊዋሸኝ አይችልም። ጠፋ። የጻፈው እውነቱን ነው። በል፣ አዲስ ወረቀት አውጣ።»

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ሁሉንም እንደገና ገለበጥሁ። የጋብቻ ሁኔታ ላይ ስደርስ አራቱን ቃላት ጻፍኩና ቀና ብዬ አየኋት።

«ሰርዛት» አለች።

የሞተበት የሚለውን ሰርዤ ያገባ የሚለውን ብቻ ተውኩ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲፍቅ ይሰማኛል። የባልን ስም ጻፍኩ። አሁን ቀን አይደለም የሚጠየቀው፤ በሕይወት ካለ አድራሻው ነው። የዋሱን አድራሻ፣ ያንኑ ገዳም ጻፍኩበት። አንድ ቦታ ላይ ቀለም ጠብ አለ። ከታች ‘ከላይ የሰጠሁት ቃል እውነት ነው’ የሚል አለ፤ አንብቤላት አሻራዋን አደረገች። ‘ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ’ የሚለውን ባዶ ተውኩት፤ እሱ የኛ አይደለም። ቄሱ ሲመለሱ ወረቀቱን አጥፈው ከመጽሐፋቸው መሐል አኖሩ። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ፣ የኔንም የአማርኛ ጽሑፍ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ምንም አልጠየቁም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አልወዳቸውም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ስጽፍ ከሰሌዳው ጥግ አንድ ጣት ብቅ የሚል ይመስለኝ ጀመር። አስተማሪ ሆኖ ከሰሌዳ መሸሽ የት ያደርሳል? ለልጆቹ ትምህርቱን በቃል አስተምራቸው ነበር፤ ሰዎች ጎበዝ መምህር ሆነ አሉኝ። እሷ በገበያ ቀን ታልፋለች፣ ትቆማለች፣ «መጣ?» ትለኛለች። «አልመጣም» እላታለሁ። በሱ ፈንታ እኔን ታስፈራራኝ ነበር፤ «ባይገጥም አንተንም አልምርህም» ትለኛለች። ሜዳው ደረቀ፣ ሽምብራው ደረሰ።

የካቲት ላይ ቄሱ ፈቃዱ መጣ ብለው ላኩብን። የሦስቱም ተፈቅዷል። ሴትዮዋ ስትደርስ ቄሱ እኔ ቤት ነበሩ። በድንበር ላይ አብሮ የሚታይ ነው ብለው ዋሱ የሞላውን ዋናውን ወረቀት ከፈቃዱ ጋር ሰጡኝ። ቄሱ በቅሏቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወጡ። ይህኛው ወረቀት ነጭ ነው፣ ቀለሙም ጥቁር፤ እንደ ማንኛውም ወረቀት። ዝምድና የሚለውን ሳጥን ፈለግሁ። ምንም የሸፈነው የለም።

«ምን ይላል?»

«ሚስት ይላል።»

«አስተውለህ አንብብ።»

«ሚስት። በጥርት ያለ እጅ። ልክ ነበሩ እትዬ! ገጠመ!» ብዬ ዘለልኩ። የምታለቅስ መስሎኝ፣ እልል የምትል መስሎኝ ፊቷን አየሁ። ሁለቱንም አላደረገችም። ጣቷን ቃሉ ላይ አኑራ፣ ይሄ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ነው አልኳት።

«እኔ እኮ ስሜ እስኪደርሰው ድረስ የረሳኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ እያልኩ ራሴን አጽናንቻለሁ። ጸሎቱ ይሁን፣ በሽታው ይሁን፣ አንድ ነገር አስረስቶት ነው እያልኩ። ረስቶኝ ቢሆን እምረው ነበር።»

«እትዬ…»

«ሚስቱ እንደሆንኩ እያወቀ ነው። ሲያድርም፣ ሲነጋም፣ ሃያ አምስት ዓመት፣ እያወቀ።»

ወረቀቱን አጠፈችና መልሳ እጄ ላይ አኖረችው። ቄሱ ሲገቡ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። «አባቴ፣ እኔ አልሄድም» አለቻቸው። ደነገጡ፣ ለምን አሉ፣ ስለትሽስ አሉ።

«ስለቴ ለሙት ነበር» አለች።

ቄሱ ምን ማለቷ እንደሆነ ወደኔ ዞረው ጠየቁኝ። ቃል ገብቻለሁና አላውቅም አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ተጓዦች ያለሷ ሄዱ።